ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይርጋን ያቋርጣል? 34 መልስ የተሰጠበት ጥያቄ

የመድረካችንን የሕግ ጥያቄዎች ክፍል የምጠብቀው እኔ ነኝ። የሕግ ሰው አይደለሁም። ሥራዬ ስድብ ማጥፋትና የሰው ስልክ ቁጥር የለጠፈውን ማስነሳት ነው። ይህን ክር ግን ሁለቴ አንብቤዋለሁ። ብዙ ሰው መልሶቹን ሁሉ ማንበብ እየሰለቸው መጨረሻው ምን እንደሆነ በውስጥ መስመር ስለጠየቀኝ፣ የሆነውን በቅደም ተከተል እተርካለሁ።

ጥያቄውን የለጠፈችው አዳማ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላት ሴት ናት። ለአክስቷ ልጅ ለሚኒባስ መግዣ 180,000 ብር አበድራዋለች። ውሉ በጽሑፍ ነው፤ ሁለት ምስክሮች ፈርመውበታል። የተፈረመው ጥቅምት 5 ቀን 2005 ሲሆን መክፈያው በዓመቱ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2006 ነበር። አልከፈለም። ዘመድ ነውና ታገሰችው። በ2011 ራሷ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈችለት፤ በ2015 ደግሞ በጠበቃ አስጽፋ፣ መቀበሉን አስፈርማ ሰጠችው። በዚህ ዓመት ሽማግሌ ስትልክበት ግን ወረቀቱ በይርጋ ሞቷል፣ ማለትም ሕግ ለመክሰስ የሰጠው ጊዜ አልፎበታል የሚል መልስ መጣ። እሷ በበኩሏ በ2015ቱ ደብዳቤ ቆጠራው እንደ አዲስ ስለጀመረ እስከ 2025 ጊዜ እንዳላት እርግጠኛ ነበረች። ጥያቄ ተብሎ ይለጠፍ እንጂ፣ የፈለገችው አይዞሽ ልክ ነሽ የሚላት ሰው ነበር።

1ኛው መላሽ አይዟት አለ። ከዚያ ውጪ የጻፈው ነገር የለም።

2ኛው ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ በመጻፍ የሚተዳደር ሰው ነው። ደብዳቤው ተፈርሞ የደረሰ እስከሆነ ድረስ ይርጋውን እንደሚያቋርጥ በልበ ሙሉነት ጻፈ። ማስረጃ ያደረገው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ተበዳሪን ለማስገደድ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ ማለቱን ነው። ሃያ ምናምን ሰው ወደደለት። 3ኛውና 4ኛው ተስማሙ። 4ኛው እንዲያውም በየሁለት ዓመቱ አንድ ደብዳቤ እየጻፉ ዕዳን ዕድሜ ልክ ማቆየት እንደሚቻል ጨመረበት።

5ኛው ላይ ሁሉም ተገለበጠ። እዚህ መድረክ ላይ ጋሼ የምንላቸው፣ ረጅም ዘመን በዳኝነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቁጣ አያውቁም፣ ግን አያባብሉም። የብድር ውል ይርጋ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 መሠረት አሥር ዓመት እንደሆነ፣ ቆጠራውም በ1846 መሠረት ገንዘቡ መከፈል ከነበረበት ቀን እንደሚጀምር ጻፉ። የመጀመሪያው ቀን አይቆጠርም። ስለዚህ የሴትየዋ ጊዜ ከጥቅምት 6 ቀን 2006 ተነሥቶ ጥቅምት 5 ቀን 2016 ላይ ያልቃል። ይርጋን የሚያቋርጠውን የሚናገረው ቁጥር 1851 ደግሞ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚያውቀው። አንዱ ባለዕዳው ዕዳውን ሲያምን ነው፤ ለምሳሌ ወለድ ሲከፍል፣ ከዋናው ጥቂት ሲቀንስ፣ መያዣ ወይም ዋስ ሲያቀርብ። ሌላው አበዳሪው ክስ ሲመሠርት ነው። ደብዳቤ የለበትም። አበዳሪው ደጋግሞ መጠየቁ የአበዳሪውን ፍላጎት ያሳያል እንጂ ባለዕዳው ማመኑን አያሳይም። ሕጉ የሚፈልገው ቃል የባለዕዳውን ነው።

2ኛው ሰውዬ አልተዋጠለትም። በ6ኛው መልስ ታዲያ ሕጉ ማስጠንቀቂያ ስጡ የሚለው ለጌጥ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሼ በ7ኛው ግማሽ እውነት እንዳለው አመኑለት። ማስጠንቀቂያ ሥራ አለው። ባለዕዳው አልፈጸመም ተብሎ የጉዳት ካሳና የመዘግየት ወለድ እንዲጠየቅ መንገድ ይከፍታል። ይርጋ ግን ሌላ ሰዓት ነው፤ በደብዳቤ አይነካም። ማመልከቻ ጻፊው ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። የወደዱለት ሰዎች መውደዳቸውን ሲያነሱ ግን አይቻለሁ፤ ይህ እኔ ብቻ የማየው ነገር ነው።

8ኛው ከሜሪላንድ የገባ ነው። እሱም ለጓደኛው አበድሮ አሜሪካ ከገባ ዘጠኝ ዓመት ሊሆነው ነው። ውጭ አገር የቆየበት ጊዜ ይቀነስልኛል ወይ ብሎ ጠየቀ። አይቀነስም ተባለ። ኤምባሲ ሄዶ ውክልና ለመስጠት የሚከለክለው ነገር አልነበረም፤ ወኪል ደግሞ መክሰስ ይችላል። ሰውዬው የቀረችው ጊዜ ጥቂት እንደሆነች ሲገባው በዚያው ሌሊት ሌላ ጥያቄ ለጠፈ፤ የውክልና ቅጽ ከየት እንደሚገኝ። ወደሚመለከተው ክፍል አዛወርኩለት።

9ኛው ላይ ነገሩ ከረረ። አንድ ጎረምሳ አሥር ዓመት ያለፈው ክስ ፍርድ ቤት ደጃፍ እንኳ እንደማይደርስ፣ መዝገብ ቤቱ ራሱ እንደሚመልሰው ጻፈ። ሴትየዋንም እንቅልፍ ወስዷት እንደነበር አድርጎ ተሳለቀባት። ሁለቱን የስድብ ቃላት አጥፍቼ ሌላውን ተውኩት። 10ኛዋ መላሽ ለራሱ ሕግ ሳያነብ ሰው ላይ መሳቁን ነቀፈች፤ እሷም ለስላሳ አልነበረችም። 11ኛው ግን በታሪክ መለሰለት። የዚህ ሰው አባት ለአንድ ነጋዴ ካበደሩ 14 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ተስፋ ቆርጠውም ቢሆን ከሰሱ። ተከሳሹ በመከላከያ መልሱ ላይ ገንዘቡን ከፍያለሁ ብሎ ብቻ ተከራከረ፤ ስለ ይርጋ አንድ መስመር አልጻፈም። መክፈሉንም ማስረዳት አልቻለም። ተፈረደበት። ይርጋን ያስታወሰው ይግባኝ ላይ ነው፤ ያኔ ሰሚ አላገኘም።

ጋሼ ይህ የዕድል ጉዳይ እንዳልሆነ አስረዱ። በቁጥር 1856 መሠረት ዳኛ በራሱ ተነሥቶ ይርጋ አልፏል ማለት አይችልም። ማንሣት ያለበት ተከሳሹ ነው። እሱም በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 እንደተጻፈው ገና ሲጀመር፣ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያነት ማቅረብ አለበት። ያኔ ዝም ካለ እንደተወው ይቆጠራል። በችሎት ዘመናቸው በይርጋ የሚወድቅ ክስ እያዩ፣ ተከሳሹ ካላነሣው እሳቸውም እንደማያነሡት፣ ዝም ብለው ክርክሩን እንደሚሰሙ ጽፈዋል። 9ኛው አልተመለሰም።

13ኛው መልስ የጥያቄውን ርዕስ ብቻ አይቶ የገባ ይመስለኛል። እሱ ጉዳዩ ብድር አይደለም፤ ከሥራ ተባሯል። ለአሠሪው ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፎ ሲጠብቅ አምስት ወር አልፏል። 4ኛው መላሽ ወዲያው አሥር ዓመት አለህ፣ ተረጋጋ አለው። ይህን ሳይ እኔ ራሴ ደነገጥኩ፤ የእህቴ ባል በዚሁ ምክር ነው የተጎዳው። ደግነቱ የሠራተኛ ጉዳይ የምትይዝ ጠበቃ በ15ኛው ደረሰችለት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የራሱ አጫጭር ጊዜዎች አሉት። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ከተሰናበተበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ያ አልፎበታል። ከስንብቱ ጋር የተያያዘ ክፍያ ግን ስድስት ወር አለው። ስለዚህ የቀረው አንድ ወር ነው፤ አራተኛ ደብዳቤ ሳይሆን ክስ ያስፈልገዋል። ታሞ ቆይቶ እንደሆነም ጠየቀችው። እንዲህ ያለ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ካለ ጊዜው ቢያልፍም ክሱ ሊቀበሉት ይችላሉ፤ ግን እንቅፋቱ በተወገደ በአሥር ቀን ውስጥ ካመለከተ ብቻ ነው። አልታመመም። በሳምንቱ መዝገብ መክፈቱን ጽፎ አመሰገናት።

ወደ ሴትየዋ ልመለስ። በ16ኛው መልስ ያልተጠየቀ ነገር የጠየቁት ጋሼ ናቸው። ሰውዬው ከ2006 ወዲህ አንዲት ሳንቲም እንኳ ከፍሎ ያውቃል ወይ? እሷም እንደ ቀላል ነገር መለሰች። ግንቦት 12 ቀን 2009 ላይ 20,000 ብር በባንክ ሂሳቧ አስገብቶላት ነበር። ትንሽ ስለሆነች ከቁም ነገር አልቆጠረቻትም። ጥያቄዋ ላይም አልጻፈቻትም። ደብዳቤዎቹን ግን ቀናቸውን ሳትስት ጽፋለች።

ጋሼ በዚያች 20,000 ብር ላይ ረጅም ጽፈዋል። ከዕዳው ተቀንሳ የተከፈለች ከሆነ ዕዳውን ማመን ናት። በቁጥር 1852 መሠረት ይርጋ በተቋረጠ ቁጥር አዲስ ጊዜ ይጀምራል፤ የቀረው ጊዜ አይደለም የሚቀጥለው፣ ሙሉ አሥር ዓመት ነው። እስከ ግንቦት 2009 ያለፈው ሦስት ዓመት ተኩል ይሰረዛል። ቆጠራው ከዚያ ተነሥቶ ግንቦት 12 ቀን 2019 ያልቃል። ሞተ የተባለው ወረቀት ገና አንድ ዓመት ተኩል ዕድሜ አለው ማለት ነው።

ደስታው ብዙ አልቆየም። 19ኛው፣ ነገር አዋቂ ሰው ነው፣ ተከሳሹ ያቺ ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ነበረች ቢልስ ብሎ ጠየቀ። ሴትየዋ ዝም አለች። በማግስቱ እውነቱን አወጣች። በዚያው ግንቦት ልጇን ድራለች። የአክስቷ ልጅም ሰርጉ ላይ ነበር፤ ድንኳኑ ሲተከል ቆሞ ያስተከለው እሱ ነው። የሰርግ ስጦታዬ ናት ቢል ማን ይክደዋል?

ክፍያው ለዕዳው መሆኑን ማስረዳት የእሷ ሸክም ነው፤ በዚህ ጋሼም 15ኛዋ ጠበቃም ተስማሙ። እጇ ላይ ያለው የሂሳብ መግለጫ ደግሞ የገቢ አድራጊውን ስምና የገንዘቡን መጠን ብቻ ነው የሚያሳየው። በ21ኛው መልስ አንድ የባንክ ሠራተኛ ገባ። ገቢ የሚያደርግ ሰው የሚሞላው ወረቀት ላይ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ አለ። ብዙ ሰው ባዶውን ይተወዋል፤ አንዳንዱ ግን ይጽፋል። አንዱ ቅጂ ቅርንጫፉ ዘንድ ይቀራል፣ ግን ለዘላለም አይቀመጥም። ሳትውል ሳታድር ሄዳ እንድትጠይቅ፣ እምቢ ካሏትም ክሱን ከፍታ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንድታስቀርብ መከራት። ከመልሶቹ ሁሉ በጣም የወደድኩት ይሄን ነው። ሰው ሁሉ ስለ ቁጥርና ስለ አንቀጽ ሲጽፍ፣ እሱ ስለ አንዲት የተጣጠፈች ወረቀት ጻፈ።

22ኛዋ የቴሌግራም መልእክትስ ብላ ጠየቀች። ሴትየዋ ነበረኝ አለች። በ2014 ሰውዬው ቤቱን ሲሸጥ እንደሚከፍላት በድምፅ ልኮላት ነበር። ስልኳ ተሰረቀ፤ በሌላ ቁጥር ስትገባ የቀድሞው ንግግር የለም። ቢኖር ኖሮ ይበቃል ወይስ አይበቃም በሚለው ላይ ጠበቃዋና ጋሼ አልተስማሙም። ጠበቃዋ ማመን በምን መልክ ይሁን ብሎ ሕጉ ስላልወሰነ ድምፅም ይበቃል ባይ ናት። ጋሼ ግን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በማይረጋገጥበት አገር፣ ዳኛው ድምፁን ሲሰማ ብዙ እንደሚጠራጠር ገመቱ። ስልኩ ስለሌለ ክርክሩ እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ።

በመካከሉ አንድ ሰው ከመቀሌ ጠየቀ። በጦርነቱ ጊዜ ፍርድ ቤት ተዘግቶ የቆየበት ጊዜ ይቆጠራል ወይ? ጋሼ መጀመሪያ ሁለት ነገር ለዩ። መቋረጥ ማለት ቆጠራው ከዜሮ ሲጀምር ነው። ለጊዜው መቆም ደግሞ ሰዓቱ ቆሞ ቆይቶ ካቆመበት ሲቀጥል ነው። የውል ሕጋችን የመጀመሪያውን በዝርዝር ጽፎ ስለ ሁለተኛው አጠቃላይ ድንጋጌ አላስቀመጠም። ሆኖም ይርጋ የሚቆጠረው በመብት መጠቀም ከሚቻልበት ቀን ነው የሚለውን ይዞ መከራከር እንደሚቻል ጻፉ። ይሳካል አላሉም። አይሳካምም አላሉም።

25ኛው በንዴት የተጻፈ ነው። ይርጋ የሌባ ሕግ ነው፣ ብድር በምድር የሚባለው ተረስቶ ነው፣ በእግዚአብሔር ፊት ይርጋ የለም። ብዙ አሜን ተከተለው። 26ኛዋ ግን ከሌላው ወገን ተናገረች። አባቷ በሞቱ በዓመቱ አንድ ሰው የ19 ዓመት ወረቀት ይዞ መጣ። እናቷ ተከፍሏል፣ ባልና ሚስት ቁጭ ብለን ቆጥረን ሰጥተናል ይላሉ። ደረሰኙ ግን ቤት ሲቀይሩ ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ተጥሏል፤ ምስክሮቹ ሞተዋል። ይርጋ ባይኖር ቤታቸው ይሸጥ እንደነበር ጻፈች። ለ25ኛው መልስ ያልኩት ነገር ቢኖር እሷ ብላዋለች።

ከዚያ ወሬው ወደ ብር ዋጋ ሄደ። በ2005 አንድ ዶላር 18 ብር ገደማ እንደነበር፣ 180,000 ብር ያኔ 10,000 ዶላር እንደሚሆን፣ ዛሬ ግን ከ1,500 ዶላር በታች እንደሆነ አንዱ አሰላ። በሕግ የተወሰነው 9 በመቶ ወለድ ያንን እንደማይሸፍንም ጨመረ። አምስት መልስ በዚህ አለቀ፤ ሁለቱን ከርዕሱ ስለወጡ አነሣሁ።

መስመር ያስያዘው ማመልከቻ ጻፊው ነው። ዝም ያለው አኩርፎ ሳይሆን እያነበበ ኖሯል። በ32ኛው መልስ ሁለት ነገር ይዞ መጣ። አንደኛው ቁጥር 1853 ነው። አበዳሪው በጊዜው ያልጠየቀው በዝምድና ወይም በበታችነት ምክንያት ከሆነ፣ ዳኛው የይርጋውን መቃወሚያ ላይቀበል ይችላል። የአክስት ልጅ ዘመድ አይደለም ወይ? ሁለተኛው የቀን ጉዳይ ነው። ውሉ የመክፈያ ቀን ባይኖረው ኖሮ፣ ተበዳሪው ከተጠየቀ በኋላ በአንድ ወር ውስጥ መመለስ ስላለበት፣ ቆጠራውን የሚያስጀምረው ደብዳቤው ይሆን ነበር አለ። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ብድር ደብዳቤ ከይርጋ ጋር ግንኙነት አለው። ኩራቱ በትንሹ ተመለሰች።

ጋሼ በ33ኛው ስለ 1853 ልክ ነህ አሉት፤ ግን ዳኛው ይችላል የተባለ እንጂ አለበት አልተባለም። ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ጽፎ በጠበቃ ያስፈረመ ሰው ደግሞ በይሉኝታ ዝም አልኩ ለማለት ይከብደዋል። ደብዳቤዎቹ እዚህ ላይ ሊጎዷት ይችላሉ። መክፈያ ቀን ስለሌለው ብድር ግን፣ መጠየቅ ይችል የነበረው ካበደረበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ ከዚያው ይቆጠራል የሚል ክርክርም እንዳለ ጻፉ። እሳቸው ወደ የትኛው እንደሚያደሉ ሁለት ሰው ጠየቃቸው። አልመለሱም።

34ኛውና የመጨረሻው የራሷ የሴትየዋ ነው። ባንኩ ሄዳለች። የ2009 ወረቀቶች መጋዘን ስለሆኑ ሐሙስ እንድትመለስ ተነግሯታል። ጠበቃ ይዛ ክሱን ለታኅሣሥ እያዘጋጀች ነው። የአክስቷ ልጅም ደውሎላት ነበር። ሽማግሌ ፊት ስላስቀየማት ለጊዜው 5,000 ብር ሊሰጣት ፈቃደኛ ነበር። በባንክ አስገባልኝ፣ ምክንያቱንም ከብድሩ የተቀነሰ ብለህ ጻፍ አለችው። በእጄ ካልሆነ አለ። በእጅህም ይሁን፣ ግን ፈርምልኝ አለችው። ላስብበት ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይነሣም።